ከውጭ ለገዛነው አገልግሎት ሪቨርስ ቫት በሁለቱም በኩል እንዴት እንደሚመዘገብ (ከኮምቦልቻ፣ በተሠራ ምሳሌ)

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሂሳብ የያዛችሁ ልጆች በተደጋጋሚ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። ማሽኑ የውጭ ነው፣ ሲበላሽ ወይ ፕሮግራሙ ሲጠፋ የውጭ ቴክኒሻን በኦንላይን ገብቶ ያስተካክላል ወይ ራሱ ይመጣል፣ ከዛ ኢንቮይስ ይልካል፣ ኢንቮይሱ ላይ ቫት የሚል ነገር የለም። እና ምን ይደረግ? ብዙ ሰው "ቫት የለውም" ብሎ ወጪ አርጎ ያልፈዋል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ሻጩ እኛ ሀገር ለቫት ስላልተመዘገበ ቫት መሰብሰብ አይችልም፣ ስለዚህ ግዴታው ተገልብጦ ወደ ገዢው ይመጣል፣ ማለትም ገዢው እንደ ሻጭ ሆኖ ቫቱን ራሱ ላይ ያሰላል፣ እንደ ገዢ ሆኖ ደግሞ ተቀናሽ ይጠይቃል። የድሮው አዋጅ ቁጥር 285/1994 ላይም ነበር፣ አሁን የሚሠራው 1341/2016 ነው፣ መጠኑ 15 በመቶ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሄዳለሁ። ቁጥሩ ለሂሳብ እንዲቀል የተመረጠ ነው፣ ምንዛሪውንም ከባንክ ሰሌዳ ያመጣሁት አይደለም።

ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው፣ ለቫት የተመዘገበ፣ ሽያጩ በሙሉ ቫት ያለበት። ታህሳስ ላይ የውጭ ድርጅት የማሽኑን ኮንትሮል ፕሮግራም አስተካክሎ 4,000 ዶላር ኢንቮይስ ላከ። በዚያ ቀን ዶላሩ 150 ብር ነው እንበል። የካቲት ላይ ገንዘቡ ሲላክ 153 ብር ሆኗል።

መጀመሪያ ኢንቮይሱን በእጅህ ይዘህ አንብበው

ከመጻፍህ በፊት አራት ነገር እይ። አንደኛ ኢንቮይሱ ላይ የኢትዮጵያ ቲን እና ቫት ካለ ሻጩ እዚህ ተመዝግቧል ማለት ነው፣ ያኔ ሪቨርስ የለም፣ እንደማንኛውም የሀገር ውስጥ ግዢ ነው የሚሄደው። ሁለተኛ የተገዛው በርግጥ አገልግሎት ነው ወይ? እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አንድ ኢንቮይስ ላይ መለዋወጫውም የቴክኒሻኑም ክፍያ ተደባልቆ ይመጣል። መለዋወጫው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ሲገባ ቫቱ በጉምሩክ ዲክላራሲዮን ተከፍሏል፣ ስለዚህ ያንን እንደገና ሪቨርስ ብታደርገው ሁለት ጊዜ ቫት መመዝገብህ ነው። የቴክኒሻኑም ክፍያ ጉምሩክ ዋጋ ውስጥ ተካቶ ከሆነ እሱም በዚያው ተቀርጧል። ስለዚህ ዲክላራሲዮኑን ከኢንቮይሱ ጎን አስቀምጥና በመስመር በመስመር አስተያየው፣ ጉምሩክ ያላያት የአገልግሎት መስመር ብቻ ናት ለሪቨርስ የምትቀረው። ይሄን ሳታደርግ ጠቅላላ ድምሩን በ15 ማባዛት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ሦስተኛ ውሉ። ዋጋው ቫት የሚጨምር ነው ወይስ የማይጨምር? ውሉ "ከሁሉም የኢትዮጵያ ታክስ ውጪ" ካለ 4,000 ዶላሩ መሠረት ነው፣ ቫቱ ከላይ ይጨመራል፣ እኛ እንሸከመዋለን ማለት ነው። ውሉ "ሁሉንም ታክስ ጨምሮ" ካለ ግን ቫቱ ከ600,000 ብር ውስጥ ነው የሚወጣው፦ 600,000 × 15 ÷ 115 = 78,260.87፣ መሠረቱ 521,739.13። በ15 ብቻ አባዝቶ 90,000 ከሻጩ መቁረጥ ልክ አይደለም፣ ሻጩም ቢቃወም እውነት አለው። ውሉ ዝም ካለ ደግሞ ክርክሩ የሚነሳው ገንዘቡ ሲላክ ነው፣ ስለዚህ ውል ሲፈረም ጎንህ ያለውን የግዢ ሰው ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስገባ ለምነው። እኛ ምሳሌ ላይ ታክስ ያልጨመረ ነው።

አራተኛ ዊዝሆልዲንግ። ለውጭ ሰው የቴክኒክ አገልግሎት ሲከፈል የገቢ ግብር ይቀነሳል፣ እሱ ሌላ ታክስ ነው፣ ሌላ ደረሰኝ፣ ሌላ አካውንት። ብዙዎች የሚስቱት የቫቱን መሠረት ከተቀነሰው በኋላ ካለው ገንዘብ ላይ ይይዛሉ። አይደለም፣ ቫቱ ሙሉውን ዋጋ ነው የሚይዘው። እንደውም ሻጩ "እኔ 4,000 ንጹህ ነው የምፈልገው" ብሎ ውሉ እንደዛ ከተፈረመ ዊዝሆልዲንጉን አንተ ስለምትሸከምለት ዋጋው መጀመሪያ ያድጋል፣ ቫቱም ባደገው ላይ ነው የሚሰላው። ከዚህ በኋላ ምሳሌውን ንጹህ ለማድረግ ዊዝሆልዲንጉን ከመስመሮቹ አውጥቼዋለሁ፣ ስትሠሩ ግን የራሱን ጆርናል ሥሩለት።

ቀኑን እና ምንዛሪውን ቁረጥ

እኔ ቀኑን የምይዘው ከሦስቱ ቀድሞ በመጣው ነው፣ ኢንቮይስ ወይ ሥራው ያለቀበት ወይ ክፍያ። ቅድሚያ ክፍያ ከተላከ በዚያ መጠን ብቻ ቀድሞ ይመዘገባል፣ ሙሉውን አትጠብቅም። ከዛ የዚያን ቀን የምንዛሪ መረጃ ፕሪንት አርገህ ከኢንቮይሱ ጋር በስቴፕለር ያዘው። ይቺን ወረቀት የማያያዝ ልማድ ብዙ ጭቅጭቅ ነው የምታስቀረው፣ ኦዲተር ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመጣ "ይሄ 150 ከየት መጣ" ሲል አንተ የምታስታውሰው ነገር አይኖርም።

4,000 × 150 = 600,000 ብር። ቫቱ 600,000 × 15 ÷ 100 = 90,000 ብር።

አካውንቶቹን ለብቻ ክፈት

ሌጀር ላይ ሁለት አዲስ አካውንት ክፈት፦ "አውትፑት ቫት ሪቨርስ" እና "ኢንፑት ቫት ሪቨርስ"። ከሀገር ውስጡ ቫት ጋር አንድ ላይ አትደባልቀው። ለምን ቢባል የወሩ መጨረሻ ላይ ሁለቱ መስመር በመስመር ይመሳከራሉ፣ ተደባልቀው ከገቡ ከ300 የሽያጭ ደረሰኝ መሃል የትኛው ሪቨርስ እንደሆነ ለመልቀም ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ጆርናሉ፣ ታህሳስ ላይ

መጀመሪያ ወጪውን እና ዕዳውን፦

ዴቢት፦ የማሽን ጥገና ወጪ 600,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ፣ የውጭ አቅራቢ 600,000

ከዛ ቫቱን በሌላ ጆርናል፦

ዴቢት፦ ኢንፑት ቫት ሪቨርስ 90,000
ክሬዲት፦ አውትፑት ቫት ሪቨርስ 90,000

ያቺ ሁለተኛዋ ናት "በሁለቱም በኩል" የምንላት። ልብ በሉ፣ የአቅራቢው አካውንት ውስጥ ቫቱ ገብቶ አያውቅም። ተከፋዩ 600,000 ነው እንጂ 690,000 አይደለም፣ ምክንያቱም 90,000ውን የምንከፍለው ለሻጩ ሳይሆን ለታክስ ባለሥልጣን ነው፣ እሱንም በዚያው ዲክላሬሽን ላይ መልሰን እናነሳዋለን። ፒችትሪ የምትሠሩ ቫቱን በግዢ መስኮት ሳይሆን በጄኔራል ጆርናል ነው የምታስገቡት፣ የግዢ መስኮቱ የሚያስገቡትን ሁሉ አቅራቢው ላይ ስለሚጭነው።

ማሽኑ ራሱ አዲስ ሆኖ ገና እየተተከለ ከነበረ 600,000ው ወጪ ሳይሆን የማሽኑ ዋጋ ላይ ይደመራል፣ የቫቱ ጆርናል ግን አይቀየርም።

ክፍያው፣ የካቲት ላይ

4,000 × 153 = 612,000 ብር ከባንክ ወጣ።

ዴቢት፦ ተከፋይ ሂሳብ፣ የውጭ አቅራቢ 600,000
ዴቢት፦ የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ 12,000
ክሬዲት፦ ባንክ 612,000

ቫቱ እዚህ ጋ አይነካም። ይሄን ደጋግሜ የምለው ራሴ የሠራሁት ስህተት ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍያ ላይ አውትፑቱን በኢንቮይሱ ቀን ምንዛሪ አስገብቼ ኢንፑቱን ግን ስዊፍቱ ሲመጣ በክፍያው ቀን አስገባሁት። በዚህ ምሳሌ ቁጥር ቢሆን 612,000 × 15 ÷ 100 = 91,800 ይመጣል፣ አውትፑቱ 90,000 ነው፣ 1,800 ብር ሌጀሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ ጋም እንደዚሁ ተንጠለጠለ፣ ወራት ሙሉ ትሪያል ባላንሱ ላይ አያት ነበር፣ የሀገር ውስጥ ደረሰኝ ስህተት መስሎኝ ደረሰኝ በደረሰኝ ስፈልግ ከረምኩ። ልዩነቱን ለ15 አካፍዬ በመቶ ሳባዛው የምንዛሪ ኪሳራው ራሱ መጣልኝ፣ በዚህ ምሳሌ ቁጥር 12,000 ማለት ነው። ስለዚህ እናንተም ቫት አካውንት ላይ የማይገባችሁ ትንሽ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ ይቺን ሂሳብ ሥሩ። ሁለቱም በኩል አንድ ቀን፣ አንድ ምንዛሪ፣ አንድ መሠረት። የምንዛሪ ልዩነት የፋይናንስ ወጪ ወይ ገቢ ነው፣ ቫት አይደለም።

ወሩ ሲዘጋ

ታህሳስ ላይ የሀገር ውስጥ ሽያጭ ቫት 300,000፣ የሀገር ውስጥ ግዢ ቫት 180,000 ነበር እንበል።

ዴቢት፦ አውትፑት ቫት 300,000
ዴቢት፦ አውትፑት ቫት ሪቨርስ 90,000
ክሬዲት፦ ኢንፑት ቫት 180,000
ክሬዲት፦ ኢንፑት ቫት ሪቨርስ 90,000
ክሬዲት፦ ለባለሥልጣን የሚከፈል ቫት 120,000

ፋብሪካው የሚከፍለው 120,000 ነው፣ ሪቨርሱ ባይኖርም 120,000 ነበር። ባለቤቱ ሀጂ ይሄን ሲያዩ "ልጄ፣ ገንዘቡ ካልተለወጠ ታዲያ ምን አደከማችሁ?" አሉኝ፣ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። "ሀጂ፣ አንደኛው ጎን ብቻ ቢገባ ምን እንደሚሆን ላሳይዎት" ብዬ በወረቀት አሳየኋቸው፣ ለእናንተም ያው ነው፦ ኢንፑቱን ብቻ ካስገባህ 300,000 ሲቀነስ 270,000፣ 30,000 ብቻ ትከፍላለህ፣ 90,000 አጉድለሃል፣ ሲገኝ ከነወለዱና ቅጣቱ ነው የሚመለሰው። አውትፑቱን ብቻ ካስገባህ ደግሞ 210,000 ትከፍላለህ፣ የራስህን 90,000 ጥለህ መጣህ ማለት ነው። ሁለቱንም ካልጻፍክ በገንዘብ ልዩነት የለም፣ ነገር ግን ያልታወጀ ታክስ ሆኖ ይቆጠራል፣ ኦዲት ላይ አውትፑቱ ሲጠየቅ ኢንፑቱን የሚደግፍ ሰነድ ያኔ ከየት ታመጣለህ።

ዲክላሬሽኑ ላይ አውትፑቱ ከተራ ሽያጭ ጋር አይደመርም፣ ለሪቨርስ በተለየው መስመር ነው የሚሞላው፣ መሠረቱ 600,000 ቫቱ 90,000። ሽያጭ ውስጥ ከደመርከው የዓመቱ ቫት ሽያጭ ከገቢ ግብር ሽያጭህ በ600,000 ይበልጣል፣ ያኔ "ያልታወጀ ገቢ አለህ" የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ የሌለ ሽያጭ ማስረዳት ደግሞ ካለው በላይ ያደክማል።

ኢንፑቱ በዚያው ወር ካልተነሳስ?

ፋይልህን የሚያየው ባለሙያ "መጀመሪያ አውትፑቱ የተከፈለበትን ደረሰኝ አሳየኝ ከዛ ተቀናሹን አነሳለሁ" ሊልህ ይችላል፣ ወይ ደግሞ ሰነዱ አልተሟላም ይሆናል። ያኔ አትጨቃጨቅ፣ ጆርናሉን በመሃል አካውንት አሳልፈው፦

ዴቢት፦ ገና ያልተነሳ ኢንፑት ቫት ሪቨርስ 90,000
ክሬዲት፦ አውትፑት ቫት ሪቨርስ 90,000

ታህሳስን 210,000 ትከፍላለህ፣ ደረሰኙ እጅህ ሲገባ በጥር፦

ዴቢት፦ ኢንፑት ቫት ሪቨርስ 90,000
ክሬዲት፦ ገና ያልተነሳ ኢንፑት ቫት ሪቨርስ 90,000

ይሄ በዓመት ሲታይ ገንዘብ አይጨምርም አይቀንስም፣ ግን ለአንድ ወር 90,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ይይዛል። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ወር ደሞዝ ሊከፍልበት አስቦት ከሆነ ቀድመህ ንገረው፣ ዲክላሬሽኑ የሚሞላበት ቀን ላይ አይደለም የሚነገረው።

ሽያጭህ በሙሉ ቫት ያለበት ካልሆነ ግን ነገሩ ይቀየራል

እስካሁን አውትፑቱና ኢንፑቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ ያልኩት ሁሉ ሽያጩ በሙሉ ቫት ላለበት ነው። ትክክለኛው ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሐረጎን ወጥተን ደሴ እንግባ። አንድ የግል ኮሌጅ አለ እንበል፣ ትምህርት ከቫት ነፃ ነው፣ ግን በሥሩ አዳራሽ ያከራያል፣ የአዳራሹ ኪራይ ቫት ስላለው ለቫት ተመዝግቧል። ለማስተማሪያ ብቻ የሚውል የኦንላይን ሶፍትዌር የዓመት ላይሰንስ ከውጭ በ200,000 ብር ገዛ። አውትፑቱ እንደማንኛውም 30,000 ነው። ኢንፑት ግን የለውም፣ ምክንያቱም ላይሰንሱ ያገለገለው ነፃ ለሆነ ሽያጭ ነው፦

ዴቢት፦ የሶፍትዌር ወጪ 230,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ፣ የውጭ አቅራቢ 200,000
ክሬዲት፦ አውትፑት ቫት ሪቨርስ 30,000

30,000ው እውነተኛ ወጪ ነው፣ ከኪስ ይወጣል። ስለዚህ ኮሌጁ ከውጭ የመጣ ዋጋ እና የሀገር ውስጥ ዋጋ ሲያወዳድር ውጭውን በ200,000 ሳይሆን በ230,000 ነው ማየት ያለበት፣ የግዢ ኮሚቴው ይሄን ካላወቀ ርካሽ ብሎ የመረጠው ውድ ሆኖ ይገኛል።

ለሁለቱም ያገለገለ ከሆነስ፣ ለምሳሌ የኮሌጁንም የአዳራሹንም ሂሳብ የሚይዝ ሲስተም? ይከፋፈላል። የዓመቱ ሽያጭ 10 ሚሊዮን ሆኖ 3 ሚሊዮኑ ቫት ያለው የአዳራሽ ኪራይ ከሆነ 30 በመቶው ነው የሚነሳው። ቫቱ 30,000 ቢሆን፦

ዴቢት፦ ኢንፑት ቫት ሪቨርስ 9,000
ዴቢት፦ የሶፍትዌር ወጪ 21,000
ክሬዲት፦ አውትፑት ቫት ሪቨርስ 30,000

አውትፑቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ የሚከፋፈለው ኢንፑቱ ብቻ ነው። አንድ ሰው 9,000ውን በሁለቱም በኩል አስገብቶ "ሚዛኑ ተመጣጠነ" ሲል አይቻለሁ፣ ሚዛኑ ይመጣጠናል፣ 21,000ው ግን አልተከፈለም።

ያመለጠ ካለ እንዴት ታገኘዋለህ

ኢንቮይሱ ላይ ቫት ስለሌለ ሪቨርስ ራሱን አያስታውስህም፣ ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያልፋል። እኔ የማደርገው ከኢንቮይስ አልነሳም፣ ከባንክ ነው የምነሳው። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ውጭ የተላከውን ሁሉ ከባንክ ስቴትመንት አወጣለሁ፣ ስዊፍት ኮፒውን ጎኑ አስቀምጣለሁ፣ ከዛ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያለውን እሰርዛለሁ። የቀረው ሁሉ ወይ አገልግሎት ነው፣ ወይ ብድር፣ ወይ ገና ያልገባ ዕቃ ቅድሚያ ክፍያ። አገልግሎት የሆነውን በየኢንቮይሱ ቀን ምንዛሪ አባዝቼ 15 በመቶውን እወስዳለሁ፣ ድምሩ ከአውትፑት ቫት ሪቨርስ አካውንቱ ክሬዲት ጋር እኩል መሆን አለበት፣ በዚህ ሩብ ዓመት ታውጆ ገና ያልተከፈለ ኢንቮይስ ካለ እሱን ጨምሬ፣ ቀደም ባለው ሩብ ዓመት ታውጆ አሁን የተከፈለ ካለ ደግሞ እሱን ቀንሼ።

በካርድ የሚከፈሉትን ግን አትርሱ። ትልቁ ጥገና በባንክ ሰው እጅ ስለሚያልፍ አይጠፋም፣ የሚጠፋው በወር በወር ከዶላር ካርድ የሚቆረጠው የኢሜይል፣ የዲዛይን ሶፍትዌር፣ የማስታወቂያ ክፍያ ነው። ባለፈው አንድ ድርጅት ፋይል ላይ ያገኘሁት እንደዚህ ነበር፣ እያንዳንዱ ትንሽ ነው፣ የአሥራ ሁለት ወሩ ተደምሮ ግን ከጥገናው ኢንቮይስ በልጦ ተገኘ፣ አንዱም ላይ ሪቨርስ አልተሠራም።

ካገኘህ ያመለጠበትን ወር ዲክላሬሽን አሻሽል፣ ሁለቱንም ጎን በዚያው ወር አስገባ፣ ጆርናሉ ላይ ደግሞ መግለጫው ውስጥ የኢንቮይሱን ቁጥር፣ የኢንቮይሱን ቀን፣ ዶላሩን እና ምንዛሪውን ጻፍ፦ "ሪቨርስ ቫት፣ ኢንቮይስ ቁጥር እንትን፣ 4,000 ዶላር በ150"። ፋይሉ ላይ በዚህ ቅደም ተከተል አያይዝ፦ ውሉ፣ ኢንቮይሱ፣ ሥራው መጠናቀቁን ፋብሪካው የፈረመበት ወረቀት፣ የምንዛሪው ፕሪንት፣ የሁለቱ ጆርናል ቫውቸር፣ ዲክላሬሽኑ፣ የክፍያ ደረሰኙ፣ በመጨረሻ ስዊፍቱ። የሥራ መጠናቀቂያውን ወረቀት ከቴክኒክ ክፍሉ ቶሎ አስፈርሙት፣ ቴክኒሻኑ በኦንላይን ገብቶ ከወጣ በኋላ ሥራው ለመሠራቱ ሌላ ማስረጃ የለም።